የተገለበጠውን ከዋናው ሳታስተያዩ አትፈርሙ

እኩዮቼ ሆይ፣ በደባርቅም በዳባትም ለሽምግልና፣ ለማኅበርና ለቀበሌ ጉዳይ ስማችሁ በወረቀት ላይ የሚሰፍር ሁሉ፣ ይህን ማስጠንቀቂያ አድምጡ። ቃላችንን በእጅ ጽፈን እንሰጣለን፤ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ልጅ አሳጥሮና አቃንቶ ይመልስልናል። ልጁ ክፉ አይደለም። ዐረፍተ ነገር አምሮ እንዲነበብ ተምሯል፣ የተማረውንም ይሠራል። አደጋው ከዚህ ላይ ነው፤ የተቃናው አንቀጽ ጆሮ ሲገባ ደስ ይላል፣ ደስ ያለንን ደግሞ አንመረምርም። «እሰይ፣ ይኸው ነው ያልነው» ብለን እንፈርማለን። ያልነው ግን ያ ላይሆን ይችላል።

ሁላችንም የምናውቀውን ጉዳይ ልውሰድ። ስለ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በእጅ የተጻፈ እንዲህ ያለ አንቀጽ አለን እንበል፦

«የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 መጀመሪያ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት 12 ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ፤ ከምክንያቶቹ መካከል የዋልያ ቁጥር መመናመንና የእርሻ መስፋፋት ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚህ መዝገብ ወጣ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ አንዳንዶቹ ኑሮ እንደከበዳቸው ይናገራሉ።»

ተቃንቶ ሲመጣ ደግሞ እንዲህ ይሆናል፦

«በአገራችን የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ የሆነው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 ተመዝግቦ፣ የዋልያ ቁጥር በመመናመኑና ነዋሪዎች እርሻቸውን በማስፋፋታቸው በ1996 በአደጋ መዝገብ ሰፍሮ ነበር። የግጭ ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ መዛወራቸውን ተከትሎ አደጋው ተወግዶ በ2017 ከመዝገቡ ወጥቷል። ተዛዋሪዎቹ ኑሮ ከብዷቸዋል።»

ሁለተኛው ከመጀመሪያው አጠር ይላል፣ ይፈስሳልም። አሁን ጎን ለጎን አስቀምጡትና በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ።

«ከተመዘገቡት 12 ቦታዎች አንዱ» የሚለው «በአገራችን የመጀመሪያው» ሆኗል። ይህ ስሕተት ነው፤ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም በዚያው በመጀመሪያው ምዝገባ ከእነዚያው 12 ቦታዎች አንዱ ሆነው ገብተዋል። ልጁ ሐሰት ሊናገር አላሰበም፤ «መጀመሪያ» የሚለውን ቃል አይቶ ከጎኑ ያለውን ቁጥር ጣለው። «እ.ኤ.አ.» የሚለውም ከሁሉም ቦታ ጠፍቷል። አንድ ምሕጻረ ቃል ብቻ ነውና ማሳጠሪያ ይመስላል። እዚህ አገር ያለ ሰው ግን «በ2016 ተዛወሩ» የሚለውን ሲያነብ በራሱ ዘመን አቆጣጠር ያስበዋል፤ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ወዲህ ያመጣዋል፣ የመንደሩን መነሣት ፈጽሞ በሌላ ዘመን ከሆነ ነገር ጋር ያያይዘዋል። ቁጥሩ አልተነካም፣ ትርጉሙ ግን ዘመን ተሻገረ። በእኛ ወረቀቶች ላይ ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን ነው፣ ዓይን አይይዘውምና።

ቀጥላችሁ «ከምክንያቶቹ መካከል» የሚለውን ፈልጉ። የለም። ሁለት ምክንያት ከብዙዎች የተጠቀሱ ነበሩ፤ አሁን ያሉት እነሱ ብቻ ሆኑ። ደግሞም ዋናው «የእርሻ መስፋፋት» ይላል እንጂ ያስፋፋውን አይጠራም፤ የተቃናው «ነዋሪዎች» ብሎ አድራጊ አምጥቷል። አንድ የግሥ ቅርጽ ሲለወጥ ክስ ተጨመረ፤ የተከሰሱትም ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መጋጠሚያው ነው። በዋናው መዛወሩና ከመዝገብ መውጣቱ በተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች ተቀምጠዋል፤ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው አልተባለም። የተቃናው ቅደም ተከተሉን አዙሮ «ተከትሎ» በሚል ቃል አሰራቸው። አሁን አንባቢው ፓርኩ የወጣው ነዋሪዎቹ ስለተነሡ ነው ብሎ ይሄዳል። መነሣታቸው አስተዋጽኦ አድርጎ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ጽሑፍ ግን ይህን አላለም። ይህን ማለት የሚፈልግ ሰው ማስረጃውን አምጥቶ በራሱ ስም ይጻፍ እንጂ በእኛ ፊርማ ሥር አያስገባው። «አደጋው ተወግዶ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ከመዝገብ መውጣት አንድ ውሳኔ ነው፣ አደጋ ጨርሶ መወገድ ሌላ ነገር ነው። በመጨረሻም «አንዳንዶቹ … ይናገራሉ» የሚለው «ከብዷቸዋል» ሆኖ የሁሉም ሰው እርግጠኛ ታሪክ ሆነ።

በአማርኛችን በተለይ የሚጠበቅ ነገር አለ። «ተመዝግቦ፣ ሰፍሮ፣ ተወግዶ» እያልን ዐረፍተ ነገሮችን ስናያይዝ ነጥብ ያቆመውን ነገር እናፈርሳለን። እንዲህ የተያያዘ ግሥ ጊዜን ብቻ አያሳይም፤ ምክንያትንም ያስመስላል። አራት ነጥብ የነበረበት ቦታ ሁሉ ሲጠፋ፣ ሁለቱ ነገሮች በእርግጥ ተዛማጅ ናቸው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

እንግዲህ ስትመረምሩ ሁለት ጊዜ ሂዱ። መጀመሪያ ከዋናው ወደ አዲሱ ሂዱ፤ አንዱ ዋናውን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው አዲሱን ይዞ ይከታተል፤ እያንዳንዱ ስም፣ ቁጥር፣ «መካከል»፣ «አንዳንድ»፣ «እስካሁን»፣ «ቢያንስ»፣ «ይላሉ» የሚል ቃል ሲሰማ በአዲሱ ላይ መኖሩን ያመልክት። በዚህ የተጣለው ይገኛል። የተጨመረው ግን በዚህ አይገኝም፤ ለእሱ ከአዲሱ ወደ ዋናው መመለስ ያስፈልጋል። እያንዳንዱን አባባል «ይህ ከየት መጣ?» እያላችሁ ዋናው ላይ ጣታችሁን ማሳረፍ ካልቻላችሁ፣ እሱ እኛ ያላልነው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሄዱ ሁሉ «ተከትሎ» የሚለውን ያልፉታል።

የጻፈው ልጅ ራሱ መርማሪ አይሁን፤ ሊል ያሰበውን ስለሚያውቅ ያልተጻፈውንም አንብቦ ያልፋል። እኛም ትዝታችንን አንመን፤ ወረቀቱ እያለ «እንዲህ ነበር ያልነው» ማለት ማመሳከር አይደለም። ይህ ምርመራ ደግሞ የሚነግረን አዲሱ ዋናውን መምሰሉን ብቻ ነው፤ ዋናው ራሱ ስሕተት ካለው አዲሱ ያንኑ ስሕተት በታማኝነት ይዞ ይመጣል። ያ ሌላ ሥራ ነው፣ አትቀላቅሉት።

አንድ ነገር ሆነ ተብሎ መቀነስ ሊኖርበት ይችላል፤ ወረቀቱ ረዝሞ ከሆነ ማሳጠር ነውር አይደለም። ነገር ግን የተቀነሰው ለተናጋሪው ይነገረው፣ ይስማማም። ለምሳሌ ከተዛዋሪዎቹ አንዲት እናት ኑሮ ከበደን ስትል «አንዳንዶቻችን» ያለችው በምክንያት ነው፤ ጎረቤቷ ሥራ አግኝቶ እንደ እሷ ሳይል ቀርቶ ይሆናል። ቃሏ ሲሰፋ እሷም በጎረቤቷ ፊት ውሸታም ትባላለች።

በእጅ የተጻፈው ዋናው ቅጂ ደግሞ አይቀደድ። «በንጹሕ ስለተገለበጠ አያስፈልግም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ነገ ክርክር ሲነሣ የምናስተያየው ከምኑ ጋር ነው? ዋናውን ቀን ጽፋችሁበት፣ የተገለበጠውን ከጀርባው አያይዛችሁ በአንድ መዝገብ አስቀምጡ። ልዩነት ስታገኙም ልጁን አትቆጡት፤ በዋናው ላይ ያለውን ቃል አሳዩትና ያንኑ ቃል መልሶ እንዲያስገባ ጠይቁት። ዘወር ያለ ሌላ ቃል ካመጣ እንደገና በሁለቱም አቅጣጫ አንብቡ፤ እርማቱም ራሱ አዲስ ጽሑፍ ነውና።