«መጣሁ» እና «ኦን ማይ ዌይ» አንድ አይደሉም

ባለፈው ነሐሴ እናቴን ካፊያ ላይ 45 ደቂቃ አስጠብቄያታለሁ። ያስጠበቅኳት ደግሞ በሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኔ ነገሩን ያብሰዋል። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን እስቲ ታገሱኝና ልንገራችሁ።

እናቴ የምትኖረው ጎፋ ኮንዶሚኒየም፣ 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ጉልበቷን ስለሚያማት መውረድ ለእሷ ትልቅ ሥራ ነው፣ አንዴ ከወረደች ደግሞ ጉዳይዋን ሳትጨርስ ተመልሳ አትወጣም። የዚያን ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሐኪም ቀጠሮ ነበራት። እኔ ከጀሞ የጓደኛዬን መኪና ተውሼ ልወስዳት ተነጋግረናል። ክረምቱን ለማሳለፍ ከሜሪላንድ የመጣው የእህቴ ልጅ እሷ ጋ ነበር ያረፈው። 19 ዓመቱ ነው። አማርኛ ይናገራል፣ ፊደሉ ግን አይሆንለትም። ስለዚህ ቴክስት የምንላላከው ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው።

2፡10 ላይ «የት ደረስክ?» ብሎ ላከልኝ። «ኦን ማይ ዌይ» ብዬ መለስኩ። በዚያን ሰዓት ሸሚዜን እየተኮስኩ ነበር። ሻዬንም አልጠጣሁም። ከቤት የወጣሁት 2፡30 ነው። መኪናውን ከጓደኛዬ ግቢ እስካወጣ ሌላ ጊዜ ሄደ። ጀርመን አደባባይ ደግሞ ያው እንደምታውቁት ነው። ጎፋ የደረስኩት 3፡05 ላይ ነው።

ልጁ ምን አደረገ መሰላችሁ? ከጀሞ ጎፋ ሩብ ሰዓት ገደማ መሆኑን ከአንድ ቀን በፊት አብሮኝ ሲመጣ አይቷል። መልእክቴን እንዳነበበ አያቱን ደግፎ መውረድ ጀመረ። 2፡20 ላይ በሩ ላይ ነበሩ። ስደርስ እናቴ ድንጋይ ላይ ፌስታል አንጥፋ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋ ርሷል። ሐኪሙ ጋ ስንደርስ ተራዋ አልፎ መጨረሻ ላይ ገባች። ልጁ ምንም ክፉ ቃል አልወጣውም። «አጎቴ፣ ግን እኮ መንገድ ላይ ነኝ ብለኸኝ ነበር» ብቻ ነው ያለኝ።

እኔ ደግሞ እንደዋሸሁ አልተሰማኝም ነበር። ለቀናት ሲያብሰለስለኝ የከረመው ይሄ ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ቃል «መጣሁ» ነው። ጣቴ የጻፈው ግን «ኦን ማይ ዌይ» ነው።

«መጣሁ» የሚገርም ቃል ነው። ቅርጹን ካያችሁት ያለቀ፣ ያለፈ ድርጊት ነው። 9ኛ ክፍል ሳስተምር አርፍዶ በር ላይ የቆመ ተማሪ «ቲቸር፣ አይ ኬም» ይለኛል፣ ክፍሉም ይስቃል። ልጁ ግን አማርኛውን በትክክል ነው የተረጎመው። በአማርኛ ያልተፈጸመውን እንደተፈጸመ አድርገን እንናገራለን። «በቃ ሄድኩ» ብለን በር ላይ ቆመን ግማሽ ሰዓት እናወራለን። «ሞትኩ!» የሚል ሰው በሕይወት አለ። እናት ከጓዳ ስትጣራ «አቤት፣ መጣሁ!» የሚል ልጅ ገና ከመቀመጫው አልተነሳም። «መጣሁ» የት እንዳለሁ አይናገርም። «ሰምቼሻለሁ፣ አልረሳሁሽም፣ ልቤ ተነስቷል» ነው የሚለው። ቃል መግባት እንጂ ወሬ ማቀበል አይደለም።

«ኦን ማይ ዌይ» ግን ወሬ ነው። ከቤት ወጥቻለሁ፣ እግሬ ወይ ጎማዬ እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። ሰሚው ከዚያ ተነስቶ ደቂቃ ይቆጥራል፣ አያቱን ከ3ኛ ፎቅ ያወርዳል። እርግጥ እነሱም አልጋ ላይ ሆነው ይጽፉታል። ልጁ ራሱ ጓደኞቹ እንደሚያደርጉት አምኖልኛል። ልዩነቱ እነሱ ዘንድ ውሸት መሆኑን ተናጋሪውም ሰሚውም ማወቃቸው ነው። እኛ ዘንድ «መጣሁ» ማንንም አያታልልም። በኋላ እናቴን ጠየቅኳት፤ «መጣሁ ብዬሽ ቢሆን ትወርጂ ነበር?» አልኳት። «ምን በወጣኝ! መጣሁ ካልክ ገና ጫማህን እየፈለግክ ነው» አለችኝ። በአማርኛ ብጽፍላቸው ኖሮ እናቴ ሶፋዋ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ቃሉ በአገሩ ሳለ እውነት ነበር፤ ውሸት የሆነው ስተረጉመው ነው።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ከሳምንት በኋላ እሁድ እናቴ ጋ ምሳ ቀርቦ ልጁን እንጠብቃለን። በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ ጽፎ ላከልኝ። ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፤ «በቅርቡ እመጣለሁ።» እናቴ ደንግጣ «እንዴ፣ ወዴት ሄዶ ነው?» አለች። ወጡን መልሳ ከደነችው። ልጁ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከች አለ። ለካ ሊጽፍ የፈለገው «ሾርትሊ» ነበር፣ መዝገበ ቃላቱ ላይ ቢፈልግ «በቅርቡ» አለው።

እንግሊዝኛው ላይ «ሱን» እና «ሾርትሊ» ሁለቱም ቅርብ ጊዜ ናቸው፣ ጥብቀታቸው ግን ይለያያል። «ሱን» ይለጠጣል። «ሲ ዩ ሱን» ያለ ሰው ነገም ሊሆን ይችላል፣ የሚመጣው ክረምትም ሊሆን ይችላል። «ሾርትሊ» ጠበቅ ያለና መደበኛ ነው። ነርሷ «ሐኪሙ ሾርትሊ ያይዎታል» ስትል በሽተኛው ከወንበሩ አይርቅም። የእኛ መዝገበ ቃላት ሁለቱንም «በቅርቡ» ይላቸዋል። «በቅርቡ» ግን ለምሳ የሚሆን ቃል አይደለም። ብረት በሩ የተዘጋ ሱቅ ላይ «በቅርቡ እንከፍታለን» ተብሎ ተለጥፎ ስናይ በር ላይ ቆመን አንጠብቅም። በአማርኛ «በቅርቡ» የሚለካው በቀን፣ በሳምንት፣ አንዳንዴም በወር ነው። ለምሳው «ትንሽ ቆይቼ» ወይም «አሁን እመጣለሁ» ማለት ነበረበት። «አሁን» ራሱ እንደሚለጠጥ ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህ እኮ ነው «አሁኑኑ» የሚባል ቃል ያስፈለገን።

ሦስተኛው «ራኒንግ ሌት» ነው። ይሄ ቀጠሮው ሳይደርስ የሚላክ ማስጠንቀቂያ ነው። ሰዓቱ ገና ነው፣ ግን እንደማልደርስ አይቻለሁና እወቅልኝ ማለት ነው። የእኛ «አረፈድኩ» ግን ባብዛኛው ከደረስን በኋላ፣ አንገት ደፍተን የምንለው ይቅርታ ነው። ልጁ አንድ ቀን ሜክሲኮ ተቀጣጥረን፣ ከሰዓቱ 20 ደቂቃ ቀድሞ «አረፈድኩ» ብሎ ላከልኝ። እኔ ሰዓቱን ራሴ የተሳሳትኩ መስሎኝ ከታክሲ ዘልዬ ወርጄ ስሮጥ ደረስኩ። እሱ ገና ጎፋ ነበር። ደግሞም «ማርፈድ» ከረፋድ የመጣ የጠዋት ቃል ነው፣ ለማታ «አመሸሁ» አለ፤ አሁን አሁን ለከሰዓቱም «አረፈድኩ» እንላለን እንጂ። ለማስጠንቀቂያው የሚስማማው «ልዘገይ ነው» ነው። ይሄን ቃል ግን ስንቶቻችን ነን ከቀጠሮው በፊት የምንልከው?

እዚህ ላይ «የሐበሻ ቀጠሮ ነዋ፣ ቃሉን ምን አመጣው» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እውነት አለው። እኔም 20 ደቂቃ ዘግይቼ ነው የወጣሁት፣ ቋንቋ አላሰረኝም። ግን መዘገየት አንድ ነገር ነው፣ የዘገየውን ሰው ቃል አምኖ ዝናብ ላይ መቆም ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን ጥፋት ያመጣው ቃሉ ነው። «መጣሁ» የምንለውም ዝም ብለን አይደለም። ታላቅን ሰው «ገና አልወጣሁም» ማለት ችላ እንዳሉት ይመስላል። «መጣሁ» ያን ይሸፍንልናል። ለስልክ ቴክስት ግን አይሆንም፤ ጽሑፍ ድምፅ የለውም። «መጣሁ መጣሁ» ስንል ድምፃችን ላይ ያለውን «ተረጋጋ» ስክሪኑ አያሳየውም።

ደግሞ አማርኛ ጠንካራ ቃል አጥቶ አይደለም። «ደረስኩ» እና «ደርሻለሁ» የሚሉትን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩዋቸው። «ደረስኩ ደረስኩ» የሚለው ሰው ገና ሁለት ፌርማታ ይቀረዋል። «ደርሻለሁ» የሚለው ግን በሩ ላይ ቆሟል። «ተነሳሁ» እና «ወጣሁ» ከአልጋ ላይ ይባላሉ። «ተነስቻለሁ»፣ «ወጥቻለሁ»፣ «ታክሲ ውስጥ ገብቻለሁ» ብሎ ከአልጋ ላይ ለመጻፍ ግን አውቆ መዋሸት ያስፈልጋል። ያቺ «-አለሁ» የምትባል ጭራ ድርጊቱ አልቆ ሁኔታው አሁንም እንዳለ ትናገራለች። የ«ኦን ማይ ዌይ» ትክክለኛ ጓደኛ «ወጥቻለሁ» እንጂ «መጣሁ» አይደለም።

ከነሐሴ ወዲህ እኔ እንዲህ አድርጌያለሁ። የሚጠብቀኝ ሰው በቃሌ ተነስቶ መልሶ የማያነሳው ነገር የሚያደርግ ከሆነ፣ ማለትም ፎቅ የሚወርድ፣ ታክሲ የሚለቅ፣ ቡና የሚያፈላ ከሆነ «መጣሁ» አልልም። የቆምኩበትን ቦታ ነው የምጽፈው። «ገና ቤት ነኝ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ እወጣለሁ።» ቀጥሎ «ወጥቻለሁ፣ ጀርመን አደባባይ ነኝ።» መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፣ ግን ማንም ዝናብ ላይ አይቆምም። «መጣሁ»ን ለቤት ውስጥ አስቀርቼዋለሁ፤ እዚያ ማንንም አላስቸገረም።

ልጁ ወደ ሜሪላንድ ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት በእንግሊዝኛ ፊደል «ለገና መጣሁ!» ብሎ ለአያቱ ላከ። አንብቤ ነገርኳት። ሳቅ ብላ «ቲኬት ቆርጧል ወይስ ጫማውን እየፈለገ ነው?» አለችኝ። ጠየቅኩት። ቲኬት አልቆረጠም።

እናንተስ? «መጣሁ» ስትሉ የት ሆናችሁ ነው? እውነቱን ጻፉ፣ አልፈርድም።