የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ከፊርማ በኋላ ያለው ፈቃድ

ከባድ ድብርት የያዘው ሰው የአንድን ጥናት ጉዳት አንድ በአንድ ሊናገር ይችላል። ከዚያ «ምንም ብሆን ግድ የለኝም» ብሎ ይፈርማል። የሥነ ምግባር ምሁሩ ካርል ኤሊየት በ1997 እ.ኤ.አ. ያነሳው ጥያቄ ይህን የመሰለ ነው፦ መረጃውን የተረዳ፣ ለራሱ ደኅንነት ግን ደንታ ያጣ ሰው ፈቅዷል ይባላል?

ፖል አፕልባምና ባልደረቦቹ በ1999 ባወጡት ጥናት፣ ድብርት ያለባቸው 26 ሴቶች በመወሰን ችሎታ ምዘና ጥሩ ውጤት አሳይተዋል። ሴቶቹ ግን ተመላላሽ ታካሚዎች ነበሩ፤ ሕመሙ ለጸናበት ሰው ውጤቱን እንዳለ መውሰድ አይቻልም።

ስለዚህ ይህ እትም የፈቃድ ቅጹን ቃላት ይመረምራል። «በፈለጉ ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ» የሚለው የተለመደ ዐረፍተ ነገር አይበቃም፤ ሕመሙ የከፋበት ሰው ለማቋረጥም አቅም ያጣልና። ታካሚው ደህና በሆነበት ሰዓት እንዲህ ቢባል ይሻላል፦ «ሕመምዎ በርትቶ መወሰን ቢያቅትዎ ማንን እናማክር? ያን ጊዜም በቃል ወይም በምልክት ‹አልፈልግም› ካሉ ከጥናቱ እናስወጣዎታለን፤ ሕክምናዎ ግን ይቀጥላል።»

ሰዓቱም ቀላል ነገር አይደለም። ጠዋት ላይ ድብርቱ የሚብስባቸው ብዙ ናቸው፤ ማለዳ የፈረመ ሰው ከሰዓት በኋላ እንደገና ይጠየቅ። «ጉዳት ቢደርስብዎ ለእርስዎ ምን ማለት ነው?» ሲባል «መጎዳት ይገባኛል» የሚል መልስ ከመጣ፣ ምዝገባው ይቆይ፤ ሐኪሙም ራስን የማጥፋት ሐሳብ መኖሩን በዚያው ይጠይቅ።

በሥነ ምግባር ኮሚቴ የምትሠሩ አንባቢዎች፣ ቀጣዩን ቅጽ ከማጽደቃችሁ በፊት የማቋረጫውን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡት።