ደብዳቤ እንጻፍ፦ በካርታ ላይ ስም ሲሳሳት

ባለፉት ሳምንታት በዚህ አምድ ለዘመድ የሚጻፍ ደብዳቤ አይተናል። ዛሬ ደግሞ ለመሬት አስተዳደር የሚጻፍ ደብዳቤ እንጻፍ። የምንጠይቀው ነገር አንድ ብቻ ነው። በይዞታ መዝገብ ላይ የገባ ስህተት እንዲታረም እንጠይቃለን።

ምሳሌያችን ከአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ ከቦሌ አራብሳ አካባቢ ነው። ዛሬ ቦሌ አራብሳ የሚታወቀው በኮንዶሚኒየም ቤቶቹ ነው። ከዚያ በፊት ግን የእርሻ አገር ነበር። ከተማው ወደ ምሥራቅ ሲሰፋ የገበሬው ቤትና ጓሮ በከተማ ካርታ ላይ ሰፈረ። ካርታ የምንለው ቦታው በማን ስም እንደተያዘ፣ ስፋቱ ስንት እንደሆነ፣ ወሰኑ የት እንደሆነ የሚያሳየውን ወረቀት ነው። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ መሬት በግል አይሸጥም፤ አይለወጥም። በእጃችን ያለው ይዞታው ነው። ቤቱ ግን ንብረታችን ነው። ስለዚህ የወረቀቱ ስም «የይዞታ ማረጋገጫ» ይባላል።

እንግዲህ አንድ ሰው እናስብ። ስሙን ለምሳሌ ያህል ተሰማ ሀብተ ማርያም እንበለው። አቶ ተሰማ ማንበብ ከተማሩ በኋላ ካርታቸውን አውጥተው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ስማቸው «ተሰማ ኃይለ ማርያም» ይላል። የአባታቸው ስም ግን ኃይለ ማርያም ሳይሆን ሀብተ ማርያም ነው።

ይህ ስህተት እንዴት ገባ? ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ስምን አሳጥሮ መጻፍ ነው። በድሮው ፋይል ላይ «ተሰማ ሀ/ማርያም» ተብሎ በእጅ ተጽፏል። ይህን በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባው ሰው «ሀ/» የሚለውን ኃይለ ብሎ ፈታው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ስለሆኑ ሰዎች አንዱን በሌላው ቦታ ይጽፋሉ። «ተ/» የሚለውም እንዲሁ ነው። ተክለ ሊሆን ይችላል፤ ተስፋም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ስማችሁን ስትጽፉ እዝባር አታስገቡ። ሙሉውን ጻፉ።

ሰናይት እና ሠናይት ብለን ብንጽፍስ? ሰው ሲያነበው ያው አንድ ስም ነው። ኮምፒዩተር ግን ሰ እና ሠን እንደ ሁለት ፊደል ይቆጥራቸዋል። በአንዱ ፊደል የተመዘገበ ስም በሌላው ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ ምረጡ። በመታወቂያም፣ በካርታም፣ በግብር ደረሰኝም ያንኑ ተጠቀሙ።

«አንዲት ቃል ብትሳሳት ምን ትጎዳለች?» የሚል ይኖር ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1195 ላይ የሚለው ነገር አለ። አስተዳደሩ ለአንድ ሰው የባለሀብትነት የምስክር ወረቀት ከሰጠ፣ ያ ሰው የንብረቱ ባለሀብት እንደሆነ ይገመታል። ይህን ግምት ማፍረስ የሚፈልግ ሰው ማስረጃ ማምጣት አለበት። እንግዲህ ሕጉ መጀመሪያ የሚያምነው በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። ቦታው ለልማት ቢነሳ ካሣው የሚሠራው በመዝገቡ ስም ነው። አቶ ተሰማ ቢሞቱ ደግሞ ልጆቻቸው «ተሰማ ኃይለ ማርያም የተባለው አባታችን ነው» ብለው ማስረዳት ይኖርባቸዋል። አባት በሕይወት ሳለ መታወቂያውን ይዞ ቀርቦ «እኔ ነኝ» ማለት ይቀለዋል። ለልጆቹ ግን ይህ ብዙ ምልልስ ያለበት ሥራ ይሆናል።

በሉ፣ አሁን ከአቶ ተሰማ ጋር ደብዳቤውን እንጻፍ። መጀመሪያ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በካርታው ላይ በገዛ እጃችሁ አንዲት ፊደል እንኳ አታስተካክሉ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት «ተነካክቷል» ተብሎ ሊጣል ይችላል። የሚያርመው የሰጠው መሥሪያ ቤት ነው።

ደብዳቤው ለማን ይጻፋል? ቦሌ ክፍለ ከተማ ድሮ ሰፊ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ግን ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ ተቋቋመ። ስለዚህ ካርታው «ቦሌ» ቢልም ፋይሉ ዛሬ ለሚ ኩራ ሊገኝ ይችላል። ከመጻፋችሁ በፊት ፋይሉ የት እንዳለ ጠይቁ።

የአቶ ተሰማ ደብዳቤ ይህን ይመስላል።

ቀን፦ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር
ለለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የመሬት ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ላይ የአባት ስም እንዲታረም ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ተሰማ ሀብተ ማርያም በቀድሞው ቦሌ ክፍለ ከተማ፣ በአሁኑ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ ……፣ የቤት ቁጥር …… ነዋሪ ነኝ። በዚሁ አድራሻ የሚገኘው ይዞታዬ የካርታ ቁጥሩ …… ነው።

በካርታው ላይ ስሜ «ተሰማ ኃይለ ማርያም» ተብሎ ተጽፏል። ትክክለኛው ስሜ «ተሰማ ሀብተ ማርያም» ነው። በቀድሞው ፋይል ላይ የአባቴ ስም «ሀ/ማርያም» ተብሎ በአጭሩ ስለተጻፈ በአነባበብ ስህተት ተፈጥሯል። የጠየቅሁት የስም እርማት ብቻ ነው። የቦታው ስፋትና ወሰን አይለወጥም።

ስለዚህ የአባቴ ስም በካርታውም በመዝገቡም ላይ «ሀብተ ማርያም» ተብሎ እንዲታረምልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

አባሪ፦
1. የካርታው ፎቶ ኮፒ፣
2. የነዋሪነት መታወቂያ ፎቶ ኮፒ፣
3. ስሜ ሙሉ በሙሉ የተጻፈበት የቆየ የግብር ደረሰኝ ፎቶ ኮፒ።

ከሰላምታ ጋር
ተሰማ ሀብተ ማርያም
ፊርማ ……

ደብዳቤው አጭር ነው፤ ግን የጎደለው ነገር የለም። መካከለኛውን ክፍል ደግማችሁ አንብቡት። መጀመሪያ የተጻፈውን ስም እንደተጻፈ ገለበጠ። ቀጥሎ መጻፍ የነበረበትን አስቀመጠ። ሁለቱን ስሞች በትምህርተ ጥቅስ ለየ። አንባቢው ሠራተኛ ካርታውን ሲገልጥ የትኛዋን ቃል እንደሚፈልግ ወዲያው ያውቃል። «ካርታዬ ተሳስቷልና ይስተካከልልኝ» ብሎ ብቻ ቢጽፍ ኖሮ «ምኑ?» ተብሎ ይመለስ ነበር።

«በካርታውም በመዝገቡም» የሚለውንም አስተውሉ። ካርታው በእጃችን ያለው ወረቀት ነው። መዝገቡ ግን በመሥሪያ ቤቱ ይቀመጣል። ወረቀቱ ታርሞ መዝገቡ ካልታረመ፣ በሌላ ቀን ያው የድሮ ስህተት ይወጣል። የከተማ ይዞታ ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 818/2006 ከተደነገገ ወዲህ ደግሞ በአዲስ አበባ ይዞታ የሚመዘግብ ሌላ መሥሪያ ቤት አለ። ይዞታችሁ እዚያም ተመዝግቦ ከሆነ እርማቱ እዚያም መድረስ አለበት።

ደብዳቤው ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ። በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። «ደብዳቤህ አልደረሰንም» ቢባል መልሱ ያ ቁጥር ነው። ዋናውን ካርታ ለማመሳከር አሳዩ እንጂ ከደብዳቤው ጋር አያይዛችሁ አትተዉት።

መታወቂያችሁም ላይ ስማችሁ ተሳስቶ ከሆነ ከመታወቂያው ጀምሩ። ሁለት ወረቀት ሁለት ስም ከያዘ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ከፍርድ ቤት አረጋግጣችሁ እንድታመጡ ሊጠይቅ ይችላል።

ስህተቱ በስም ሳይሆን በቁጥር ቢሆንስ? እስቲ እናስላ። በካርታው ሥዕል ላይ የቦታው አንድ ጎን 10 ሜትር፣ ሌላው 25 ሜትር ነው። አራቱም ማዕዘን ቀጥ ያለ ነው። 10 ጊዜ 25 ስንት ነው? 250 ካሬ ሜትር። የስፋቱ መስመር ግን 205 ይላል። እዚህ ላይ ካርታው ራሱን በራሱ ተቃረነ። 5 እና 0 ቦታ ተለዋውጠዋል። ይህም የጽሕፈት ስህተት ስለሆነ በዚሁ ዓይነት ደብዳቤ ይጠየቃል።

ነገር ግን ሥዕሉ 10 ሜትር እያለ አጥራችን 12 ሜትር ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው። ሁለቱ ሜትር ከየት መጣ? ከጎረቤት ነው? ከመንገድ ነው? ይህን ብዕር አያርመውም። ባለሙያ መጥቶ ይለካል፤ አዋሳኞችም ይጠየቃሉ። ጎረቤት «የኔ ነው» ካለ ደግሞ ክርክር ሆነ። ክርክርን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። እንግዲህ ስህተትና ክርክርን እንዲህ ለዩ፤ እርማቱ ከማንም ላይ ምንም የማይወስድ ከሆነ ስህተት ነው። ከሌላ ሰው የሚወስድ ከሆነ ክርክር ነው።

በገጠር ያላችሁ አንባቢዎችም የይዞታ ደብተራችሁን አውጡና አንብቡ። ደብዳቤው ያው ነው፤ የሚጻፈው ግን ለወረዳችሁ የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። በካርታ ቁጥር ፈንታ የደብተሩን ቁጥርና በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ያሉትን አዋሳኞች ጻፉ። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ከሆነ የሁለቱም ስም መኖሩን እዩ።

አዳዲስ ቃላት
አባሪ፦ ከደብዳቤ ጋር የሚያያዝ ወረቀት።
አዋሳኝ፦ ወሰናችን የሚገናኝ ጎረቤት፣ መንገድ ወይም ወንዝ።
ማመሳከር፦ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ መሆናቸውን ማየት።

መልመጃ
1. አቶ ተሰማ ለምን «በካርታውም በመዝገቡም» ብለው ጻፉ?
2. የቦታው አንድ ጎን 12 ሜትር፣ ሌላው 20 ሜትር ነው። ካርታው 204 ካሬ ሜትር ይላል። ትክክለኛው ስፋት ስንት ነው?
3. የራሳችሁን ስም፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም ያለ እዝባር ጻፉ። ቀጥሎ ከመታወቂያችሁ ጋር አመሳክሩት።