ጡጦው ላይ ያለው CE የማን ማረጋገጫ ነው?



ባለፈው ሳምንት እህቴ አንድ የቴሌግራም ሱቅ ላይ ያየችውን የጡጦ ፎቶ ላከችልኝ። ለአራት ወር ልጇ ልትገዛው ነው። ከጡጦው ጎን ሁለት ምልክቶች ይታያሉ፤ አንዱ CE ሲሆን ሌላው በሰማያዊ ክብ ውስጥ FDA Approved ይላል። ሻጩም ከሥር «የአውሮፓና የአሜሪካ ማረጋገጫ ያለው» ብሎ ጽፏል። «ይሄ እንኳን አስተማማኝ ነው አይደል?» አለችኝ። የልጆች ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ዘንድ ስለሠራሁ ነው እኔን መጠየቋ። እኔን ያስጠረጠሩኝ ግን ራሳቸው ሁለቱ ምልክቶች ነበሩ።

CE የአውሮፓ ኅብረት ምልክት ነው። ብዙዎቻችን አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃውን መርምሮ የሚመታው ማኅተም ይመስለናል። አይደለም። በአብዛኞቹ መጫወቻዎች ላይ የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ ነው፤ «ዕቃዬ የአውሮፓን ሕግ ያሟላል» ብሎ ኃላፊነት መውሰዱን ያሳያል። ሕጉ CE እንዲለጠፍባቸው የሚያዝዛቸው ዕቃዎች ተለይተው የታወቁ ናቸው። መጫወቻ አለበት፣ ጡጦ ግን የለበትም። ዝርዝሩ ውስጥ በሌለ ዕቃ ላይ CE መለጠፍ ደግሞ ክልክል ነው። ስለዚህ ጡጦ ላይ CE ካያችሁ የለጠፈው ሰው ሕጉን አያውቅም፣ ወይም እናንተ አታውቁም ብሎ ገምቷል።

FDA የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ነው። ጡጦን አንድ በአንድ እየመረመረ «ጸድቋል» አይልም፤ ዓርማውንም ነጋዴዎች ዕቃቸው ላይ እንዲያደርጉት አይፈቅድም።

ወደ መጫወቻ ስንመጣ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ CE ቦታው ነው። ፎቶ ላይ ስታዩት መጀመሪያ አሳድጉት። ቴሌግራም ፎቶን ስለሚጨምቀው ጽሑፉ ከደበዘዘ ሻጩ በፋይል መልክ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ትክክለኛው CE የተሠራው ከሁለት ክቦች ነው። በስልካችሁ የፎቶ ማስተካከያ ላይ የCን ክብ በጣታችሁ ሙሉ አድርጋችሁ ሳሉት። ክቡ የEን ጀርባ ይነካል እንጂ አልፎ ወደ ሆዷ አይገባም። ስለዚህ በሁለቱ ፊደላት መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ይታያል። የE መካከለኛ መስመርም ከላይኛውና ከታችኛው ያጥራል። ፊደላቱ ተጣብቀው ከታዩ ምልክቱ የተበላሸ ነው።

ይህን የተጣበቀውን «ቻይና ኤክስፖርት ማለት ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ለዓመታት አምኜበት ነበር። እንዲህ የሚባል ምልክት ግን የለም። የአውሮፓ ኮሚሽን ስለዚሁ በፓርላማ ተጠይቆ፣ ምልክቱን እንደማያውቀውና በተሳሳተ መጠን የተሣለ CE እንደሆነ መልሷል። ትክክለኛ ቅርጽ ያለውም ቢሆን ከቻይና ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ጥሩ መጫወቻም ከዚያው ነው የሚመጣው።

እዚህ ላይ ግን እንዳትታለሉ። የክቡ ፈተና የሚይዘው ሰነፍ አስመሳይን ብቻ ነው። ትክክለኛው ሥዕል ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፣ ማንም አውርዶ ያትመዋል። ለዚህ ነው እኔ ከምልክቱ ይልቅ የካርቶኑን ጀርባ የማየው። የአውሮፓ ሕግ መጫወቻው ወይም ማሸጊያው ላይ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ እንዲሁም የምርቱ መለያ ቁጥር እንዲጻፍ ያዝዛል። ከውጭ የገባ ከሆነ የአስመጪውም አድራሻ ይጨመራል። CE አለ፣ ነገር ግን ስምም አድራሻም የለም ማለት፣ ፊርማ አለ ፈራሚ የለም ማለት ነው።

ሌላም አለ። ቀይ ክብ ውስጥ የሕፃን ፊትና 0-3 ተጽፎ በሰያፍ ሲሰረዝ፣ «ከ3 ዓመት በታች ላሉ አይሆንም» ማለት ነው። የቁጥሩን ነገር ብቻ አይቶ «ከ0 እስከ 3 ላሉ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ገጥሞኛል። ሲነቀንቁት የሚንሿሿ የሕፃን መጫወቻ ላይ ይህ ምልክት ካለ ደግሞ አምራቹ ራሱን እየተቃረነ ነው። የሚጫወትበት ሕፃን እንደሆነ ግልጽ በሆነ ዕቃ ላይ ይህን ማስጠንቀቂያ ለጥፎ ከኃላፊነት ማምለጥ በአውሮፓ ሕግ አይቻልም።

በቴሌግራም የምትሸጡ ወንድሞችና እህቶች፣ የምልክቱ ነገር እናንተንም ይመለከታል። አቅራቢው የላከላችሁን ፎቶ እንዳለ ስትለጥፉ፣ በላዩ ላይ በኮምፒውተር የተጨመረውን ዓርማ የእናንተ ቃል አድርጋችሁታል። ዓርማው ጡጦው ላይ የታተመ ከሆነ ከክብነቱ ጋር ይጎብጣል፣ ብርሃኑም ያርፍበታል። ዕቃው ጎብጦ ዓርማው ዝርግ ሆኖ ከታየ ከፎቶው በኋላ የተለጠፈ ነው። ካርቶኑን ራሳችሁ ገልብጣችሁ አንሱትና ለጥፉ።

ከፎቶ የማይታይም አለ። ቀለሙ ውስጥ እርሳስ ይኑር አይኑር በዓይን አይለይም፤ የሚለየው በምርመራ ነው።

እህቴ ለሻጩ «የካርቶኑን ጀርባ አንሣልኝ» ብላ ጻፈችለት። «ካርቶን የለውም፣ በፌስታል ነው የሚመጣው» አላት። ጡጦውን ተወችው።