ቀብድ

በዚህ ሳምንት ለቤተ ሰብ ገጻችን አንባብያን የምናቀርበው አጭር ታሪክ፥ በአንድ አባትና ለአካለ መጠን በደረሰ ልጁ መካከል ስለ ተነሣ የመሬት ክርክር ነው። ሰዎቹን ስም አውጥተን የፈጠርናቸው እኛ ነን፤ ከተማውና ሕጉ ግን እውነተኞች ናቸው።

ዘመኑ 1958 ዓ.ም. ነው። ዛሬ አዳማ የምትባለው ናዝሬት፥ ከባቡር ጣቢያዋ ተነሥታ በየአቅጣጫው ትሰፋ ነበር። አቶ ደበላ ከአባታቸው የወረሱት የጤፍ ማሳ፥ ወደ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረ። ልጃቸው በቀለ በፋብሪካው መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ማታ መጥቶ ከአባቱ ፊት ቆመ።

«አባባ፥ አንድ ነጋዴ በመንገዱ በኩል ካለው መሬት 2,000 ካሬ ሜትር ይፈልጋል፤ በካሬ ሜትር አንድ ብር ይከፍላል። ነገ ከተማው መንገድ ሲቀድ በማሳው መካከል ያልፋል፤ ያን ጊዜ የሚጠይቅዎ የለም። በገንዘቡ የሚከራዩ ክፍሎች እንሠራለን» አላቸው።

«አባቴ የሰጠኝ እንድበላበት እንጂ እንድበላው አይደለም» አሉ አቶ ደበላ።

በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። በቀለ ግን ለአባቱ ሳይነግር፥ በሁለት ምስክሮች ፊት ፈርሞ 200 ብር ቀብድ ተቀብሏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ስለ ቀብድ የሚለው ግልጽ ነው፤ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ገንዘቡ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው ግን አጠፌታውን ይመልሳል። ነጋዴውም ሽማግሌ ልኮ፥ «መሬቱን፥ ወይም 400 ብር» አለ።

ሽማግሌዎቹ ሾላው ሥር በተቀመጡ ጊዜ፥ አንደኛው «መሬቱ የእርስዎ ነው፤ ልጁ በሌለው ሥልጣን ቢፈርም እርስዎን አያስገድድዎትም። ዕዳው የራሱ ነው» ሲሉ መከሯቸው። አቶ ደበላ ለብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፥ «መሬቱን አያስገድደኝም፤ ቃል የሰጠው አፍ ግን የልጄ አፍ ነው» ብለው ተነሡ። በሳምንቱም ሁለቱን የእርሻ በሬዎችና በቅሎአቸውን ገበያ አውጥተው ሸጡ፤ 400 ብሩም ተከፈለ።

መሬቱ ከመሸጥ ዳነ፤ የሚያርሰው ግን አልነበረም። ክረምቱ ሲገባ የጎረቤት ማሳ ሁሉ ሲገለባበጥ የእርሳቸው አረም ለበሰ። በቀለ በአንድ የእሑድ ማለዳ ሲመጣ፥ ሽማግሌው አባቱ የማሳውን ጠርዝ በዶማ ሲቆፍሩ አገኛቸው። አንዳች ቃል አልተናገሩትም። እርሱም ኮቱን አውልቆ ዶማውን ከእጃቸው ተቀበለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከደመወዙ እየቆጠበ፥ በዓመቱ አንድ በሬ ገዛ፤ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር በመቀናጆ ያርሱ ጀመር።

የመጀመሪያው አዝመራ በተሰበሰበ ማግሥት፥ አቶ ደበላ ልጃቸውን ጠርተው በመንገዱ ዳር በገመድ ለኩለት፤ ርዝመቱ 25 ሜትር፥ ስፋቱ 20 ሜትር ሆነ። «ይህን ለባዕድ አልሰጥም፤ ለአንተ ግን ቤት ሥራበት» አሉት። በቀለም ቤቱን ሠርቶ፥ ሚስት አግብቶ፥ አባቱን ከራሱ ጋር አኖረ።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ፥ በሐምሌ ወር ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት መሆናቸው ታወጀ። ለከተማ ቦታ ካሳ አይከፈልም፤ አንድ ቤተ ሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት ይዞ ይቀራል፤ ለመኖሪያ የሚፈቀደውም ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ነው ተባለ። የአቶ ደበላ ማሳ ሄደ። በገመድ የተለካችው ቦታ ከነቤቷ ቀረች።

ዐዋጁ በሬዲዮ በተነገረ ማታ አባትየው፥ «ያን ጊዜ ብንሸጠው ይሻል ነበር ትላለህ?» ሲሉ ጠየቁ።

በቀለ «2,000 ብሩ በእጃችን ይገባ ነበር» ሊል ነበር። ነገር ግን ዶማውን፥ የተሸጡትን በሬዎችና በቅሎዋን አስታወሰ።

«ቢሸጥ ኖሮ ይህች ቤት እዚህ አትቆምም ነበር፤ አባባ» አላቸው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውም ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፥ አይለወጥም ስለሚል፥ የዛሬ አባትና ልጅ የሚከራከሩት በቤትና በይዞታ ላይ እንጂ በመሬቱ ሽያጭ ላይ አይደለም። ቀብድ ግን ዛሬም አለ። ስለዚህ ከአንባብያን መካከል በቤተ ሰብ ንብረት የሚዋዋል ቢኖር፥ ከነጋዴው እጅ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት በቤቱ ውስጥ ተነጋግሮ ይጨርስ ዘንድ እንመክራለን፤ የተቀበለው ቀብድ በአጠፌታ ቢመለስም፥ በሬዎቹ አይመለሱምና።