«ገቢ ቢደረግ ደስ ይለናል» ማንን ነው?

በየግሩፑ የሚለጠፈው ረጅም፣ ወሬ የበዛበት ማሳሰቢያ የትህትና ምልክት ነው ይባላል። አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ያልወሰነውን ነገር የሚሸፍንበት ብርድ ልብስ ነው። እንዲህ ስል የማይስማማ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ስለዚህ አንድ መልእክት ይዘን እንይ።

በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ግሩፕ ላይ ማክሰኞ ኅዳር 2 የተለጠፈው መልእክት ከሞላ ጎደል እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልን የተከበራችሁ ነዋሪዎች እንደምን ከረማችሁ፣ እንደሚታወቀው የውሃ መሳቢያው ሞተር ተቃጥሎ ብዙ ውጣ ውረድ ካየን በኋላ ኮሚቴውም የራሱን ሥራ ትቶ ሲሯሯጥ ቆይቶ ባለሙያ አምጥተን አሳይተን መጠገን እንደማይቻል ነግሮን ዋጋም አጠያይቀን በአንድ ቤት 1,500 ብር አካባቢ ስለሚደርስ እንደተለመደው ትብብራችሁ ሳይለየን እስከ 12 ድረስ ገቢ ቢደረግ ደስ ይለናል፣ ባለሙያው ቅዳሜ 3 ሰዓት ስለሚመጣ ውሃም ሊጠፋ ስለሚችል ቢጠራቀም፣ ቁልፍ ያለውም ሰው ቢተባበረን፣ ፈጣሪ ያክብርልን።»

ሰዎቹ ቅን ናቸው። ሳይከፈላቸው ይለፋሉ። ይሁንና መልእክቱ በተለጠፈ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግሩፑ በጥያቄ ተጥለቀለቀ። አንዷ «እንዴት ለነገ ይባላል?» ብላ ተቆጣች። ለምን? የምትሠራበት ድርጅት የሚጠቀመው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእሷ ስልክ ላይ ማክሰኞ ኖቬምበር 11 ነው፤ «እስከ 12» ማለት ነገ ነው። ኮሚቴው ደግሞ ኅዳር 12 ማለቱ ነበር። በሁለቱ መካከል የ9 ቀን ልዩነት አለ። ቤቱን አከራይቶ ዱባይ የሚሠራው ጎረቤት ደግሞ «3 ሰዓት» ሲባል ከቀኑ 9 ሰዓት መሰለው። ሁለት የቀን መቁጠሪያና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር ይዘን የምንኖር ሰዎች ወር የሌለው ቀንና «ጠዋት» ወይም «ማታ» የማይል ሰዓት መጻፍ የለብንም።

ከዚህ የሚብሰው ግን ግሱ ነው። «ገቢ ቢደረግ»፣ «ቢጠራቀም»፣ «ቢተባበረን»። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ በ«ስለ» እና በ«ከ… በኋላ» እየተቀጣጠለ የሄደ ሐሳብ ምን እንደተጠየቅን የሚነግረን ሲያልቅ ነው። እዚያ ስንደርስ ደግሞ ባለቤት የሌለው «ቢደረግ» ይጠብቀናል። ማን ያድርገው? ባለቤቱ ወይስ ተከራዩ? «1,500 ብር አካባቢ» ማለትስ? ባንክ ሄዶ «አካባቢ» የሚያስገባ ሰው አላየሁም።

መልእክቱን እኔ ላሳጥረው ብዬ ተቀመጥኩ። አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግ የሚጠይቁትን ግሶች ብቻ አሰመርኩባቸው፤ ከዚያ ሁሉ ቃል ሦስት ወጡ፦ መክፈል፣ ውሃ ማጠራቀም፣ በር መክፈት። ከዚያ ለእያንዳንዱ «ማን? ምን ያህል? እስከ መቼ?» የሚል ጥያቄ ጻፍኩ። ማሳጠር ቃል መቁረጥ የሚመስለው ሰው እዚህ ላይ ነው የሚደናቀፈው፤ መልሶቹ መልእክቱ ውስጥ የሉም። በግምት ብሞላቸው ኖሮ በኮሚቴው ስም ውሳኔ መፍጠሬ ነበር። ስለዚህ ሰብሳቢውን ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ተከራይ ይከፍላል?»

«ኧረ የለም፣ ባለቤት ነው እንጂ!»

«ገንዘቡ ዓርብ ኅዳር 12 ተሰብስቦ ያልቃል፤ ባለሙያው ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል። ሞተሩ መቼ ነው የሚገዛው?»

ዝም አሉ። ቀኑን ማንም አላሰበበትም። ሻጩ ሙሉ ክፍያ ሳያገኝ ሞተሩን አይለቅም፤ ዓርብ አመሻሽ ላይ ባንክም ሱቅም ይዘጋል። ባለሙያው መጥቶ የሚገጥመው ዕቃ ሳያገኝ ሊመለስ ነበር። በረጅሙ አንቀጽ ውስጥ ይህ ስህተት አይታይም፤ ቀኖቹ በወሬ ተለያይተው ተቀምጠዋል። አንዱ ከሌላው ሥር ሲጻፉ ግን ወዲያው ዓይን ይወጋሉ። የመክፈያው ቀን ወደ ረቡዕ መጣ፤ የወጣውም መልእክት ይህ ነው፦

«የውሃ ሞተር፦ 1,500 ብር እስከ ረቡዕ ኅዳር 10

ሰላም ጎረቤቶች። ሞተሩ ተቃጥሏል፤ ባለሙያው አይጠገንም ስላለ አዲስ እንገዛለን።

1. የቤት ባለቤቶች፦ 1,500 ብር በማኅበሩ ሒሳብ ያስገቡ፤ እስከ ረቡዕ ኅዳር 10 (ኖቬምበር 19) ከቀኑ 10 ሰዓት። ደረሰኙን ከቤት ቁጥርዎ ጋር ለገንዘብ ያዡ ይላኩ።

2. ሁላችንም፦ ዓርብ ማታ ውሃ እናጠራቅም። ቅዳሜ ኅዳር 13 (ኖቬምበር 22) ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ውሃ አይኖርም።

3. የሞተር ክፍሉ ቁልፍ ያለዎት፦ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡30 በሩን ይክፈቱልን።

ሐሙስ ኮሚቴው ሞተሩን ይገዛል። በቀኑ መክፈል የማይችል እስከ ሰኞ ኅዳር 8 ለሰብሳቢው ይደውል።»

የመጀመሪያው መስመር ላይ ሰላምታ የሌለው በንቀት አይደለም። ስልክ ኪስ ውስጥ ሲጮህ ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለው የመልእክቱ መጀመሪያ ብቻ ነው። «የተከበራችሁ ነዋሪዎች እንደምን ከረማችሁ» ያንን ቦታ ከያዘ፣ ግሩፑን ድምፅ አልባ ያደረገው ሰው ነገሩ ገንዘብና ቀን ያለበት መሆኑን ሳያውቅ ያልፈዋል። ሰላምታው ሁለተኛው መስመር ላይ አለ፤ ማንም አልተቀየመም። አክብሮቱም «ያስገቡ»፣ «ይክፈቱልን» በሚሉት ውስጥ አለ። አማርኛ አንቱታን በግሱ ውስጥ አስቀምጦ ሰጥቶናል፤ ለዚያ ተብሎ ሦስት መስመር ማስረዘም አያስፈልግም።

አንድ ኮሚቴ አባል «ልፋታችንን ቆርጠህ ጣልከው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቅሬታቸውም አላግባብ አይደለም። ነገር ግን ጎረቤት ሲጠራጠር የሚፈልገው የልፋት ታሪክ ሳይሆን ዋጋውን ነው። ፕሮፎርማዎቹ ፎቶ ተነሥተው ከሥር በሌላ መልእክት ተለጠፉ፤ 45,000 ብሩ ለ30 ቤት መካፈሉም እዚያው ተጻፈ። ይህ ባይጨመር ኖሮ አጭሩ መልእክት ትእዛዝ መስሎ ጠብ ያስነሣ ነበር። ምክንያቱን ሳይናገር የሚያዝ አጭር ጽሑፍ ከረጅሙም የከፋ ነው።

ሁሉም ነገር እንዲህ ይጻፍ አልልም። ነዋሪው ገና ያልተስማማበትን ጉዳይ፣ ለምሳሌ ለዘበኛ ደመወዝ ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚለውን፣ በቁጥርና በቀን አስጊጦ መለጠፍ ውይይቱን ማፈን ነው። የለቅሶ መልእክትም በነጥብ አይጻፍም። (ስድስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ለሚልኩት ግን በየትኛውም ጉዳይ ምሕረት የለኝም።)

በመጨረሻው ሳምንት ባለሙያው ሰዓቱን ወደ ጠዋቱ 4 ሰዓት ቀየረ። ኮሚቴው የድሮውን መልእክት ገብቶ ሊያስተካክል ሲል አስቆምኩት፤ ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ መልእክት ሲታረም ላነበበው ሰው ደግሞ አይጮህም። አዲስ ተጻፈ፦ «ለውጥ፦ ቅዳሜ ኅዳር 13 ውሃ የሚጠፋው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ነው። በሩ የሚከፈተው 3፡30። ሌላው እንዳለ ነው።» የድሮው ፒን ወርዶ ይህኛው ተሰቀለ።