«ምንም የሚለወጥብዎት ነገር የለም» ስለሚለው ደብዳቤ

በመድን ደላሎች ዘንድ፣ ሕዝቡ ብሮከር እያለ በሚጠራቸው ቤቶች ማለት ነው፣ የተለመደ አንድ ዓይነት ደብዳቤ አለ። ለክቡር ደንበኛ የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ በምስጋና ተጀምሮ በምስጋና የሚፈጸም ነው። ፍሬ ነገሩም ቤቱ አብሯቸው የሚሠራውን መድን ሰጪ ኩባንያዎች ዝርዝር እንደ ለወጠ፣ እገሌ የተባለው ኩባንያ ከዝርዝሩ እንደ ወጣና እገሌ የተባለው እንደ ገባ፣ ይህም ሁሉ የተደረገው ለደንበኛው የላቀ አገልግሎት ለመስጠት ሲባል እንደ ሆነ ያበሥራል፤ ከዚያም «በእርስዎ በኩል ምንም የሚለወጥብዎት ነገር የለም፤ የውልዎ ዘመን ሲፈጸም እኛ ወደ አዲሱ ኩባንያ እናዛውረዋለን» ብሎ ይዘጋል። እኔ የምቃወመው ይህን የመጨረሻውን ቃል ነው። ደላላው መድን ሰጪዎቹን መለወጡን አልነቅፍም፤ መርጦ መያዝና መርጦ መተው ሥራው ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ግዴታው ነው። የምነቅፈው፣ በደንበኛው ሀብትና ዕዳ ላይ ብዙ ነገር በሚለወጥበት ሰዓት ምንም እንደማይለወጥ አድርጎ መጻፉን፣ ደንበኛውም ቃሉን እንደ ቡራኬ ተቀብሎ ደብዳቤውን በመዝገቡ ውስጥ ዘግቶ ማኖሩን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ አስቀድሞ ደላላው ማን እንደ ሆነ መለየት ይገባል። የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 ደላላውንና የሽያጭ ወኪሉን ለየብቻ ያቆማቸዋል፤ ወኪሉ ለመድን ሰጪው የሚሠራ ሲሆን፣ ደላላው ግን ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ተቀብሎ ለመድን ገቢው ተገቢውን ውል የሚያፈላልግ፣ የሚመክርና የሚያዋውል ነው። ስለዚህ ውሉ የሚታሰረው በመድን ገቢውና በመድን ሰጪው መካከል ነው እንጂ ደላላው ራሱ ተዋዋይ አይደለም፤ ተዋዋይ ያልሆነም ሰው ውልን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያዛውር ሥልጣን የለውም። በእውነቱ የሚሆነው ነገር ሌላ ነው፤ አሮጌው ውል ዘመኑን ፈጽሞ ይሞታል፤ ከሌላ ሰው ጋር፣ በሌላ ቃል፣ በሌላ ቅጽ፣ ሌላ ውል ይወለዳል። በዚህ ሞትና ልደት መካከል ደንበኛው ሊያጣ የሚችለውን ነገር እያንዳንዱን ለይቶ መንገር የደላላው ተቀዳሚ አደራ ሆኖ ሳለ፣ ደብዳቤው «እናዛውረዋለን» በሚል ለስላሳ ቃል ሁሉን ይሸፍነዋል።

ሌላም ደብዳቤው የሚሸፍነው ነገር አለ፤ እርሱም ምክንያቱ ነው። ደላላው ለደንበኛው ቢሠራም ዋጋውን የሚቀበለው ከመድን ሰጪው ነው፤ ኮሚሲዮኑ ደንበኛው ከሚከፍለው አረቦን ላይ ይነሣለታል። ይህ በብዙ አገር የሚሠራበት ሥርዓት ስለ ሆነ ብቻውን እንደ ነውር አይቈጠርም። ነገር ግን አንድ ኩባንያ ከዝርዝሩ በሚወጣበት ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ መሆኑ አይቀርም፤ ወይም ኩባንያው ካሣ ለመክፈል በማዘግየቱና በመከራከሩ ነው፣ ወይም በደላላውና በኩባንያው መካከል የተደረገው የጥቅም ስምምነት በመፍረሱ ነው። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ፣ ውሉ ገና ስምንት ወር የሚቀረው ደንበኛ ንብረቱ በዚያው ካሣ በሚያዘገይ ኩባንያ እጅ እንዳለ ሊነገረው ይገባል፤ ምክንያቱም ዛሬ ማታ አደጋ ቢደርስበት የሚጠይቀው እርሱን ነውና። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ደግሞ፣ መልካሙን ኩባንያ ለቅቆ የሚሄደው በራሱ ጥቅም ምክንያት አለመሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል። «ለላቀ አገልግሎት» የሚለው ቃል ለሁለቱም ምክንያት እኩል የሚያገለግል በመሆኑ ለደንበኛው አንዳች ነገር አይነግረውም።

አሁን ለውጡ በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ እንየው። በአቃቂ አካባቢ መጋዘን ያለውን አንድ የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ ነጋዴ እንውሰድ፤ ምሳሌው የታሰበ ነው፤ ስሌቱ ግን በየዕለቱ የሚሠራበት ነው። ነጋዴው ዕቃውን ለእሳት አደጋ በ17,500,000 ብር መድን አስገብቷል እንበል። በቀድሞው ውል የአረቦኑ ልክ ከመቶ 0.20 ስለ ነበረ በዓመት 35,000 ብር ይከፍላል፤ አዲሱ ኩባንያ ከመቶ 0.18 ስለ ጠየቀ 31,500 ብር ይሆንለታል። ደብዳቤው በኩራት የሚናገረው ይህችን የ3,500 ብር ቅናሽ ነው።

በዓመቱ መካከል እሳት ተነሥቶ የ4,000,000 ብር ዕቃ ይቃጠላል። የኩባንያው ገማች መጥቶ ሲመረምር፣ ዋጋ ሁሉ በመወደዱ በመጋዘኑ የነበረው ዕቃ በአደጋው ቀን 20,000,000 ብር የሚያወጣ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ነጋዴው ከዋጋ በታች መድን ገብቷል ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ የመድን ሰጪው ኃላፊነት መድን በተገባበት ገንዘብና በእውነተኛው ዋጋ መካከል ባለው መጠን ይቀነሳል፤ ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር። የቀድሞው ውል ይህ «ሌላ ነገር» ነበረበት፤ የተገባው ገንዘብ ከእውነተኛው ዋጋ ከመቶ 85 እስካላነሰ ድረስ ቅነሳ እንዳይደረግ የሚል አንቀጽ ነበረው፤ 17,500,000 ደግሞ ከ20,000,000 ከመቶ 87.5 ነው። ኤክሰስ የሚባለው፣ መድን ገቢው ከራሱ የሚችለው የመጀመሪያ ድርሻ፣ በቀድሞው ውል 20,000 ብር ብቻ ስለ ነበረ ነጋዴው 3,980,000 ብር ይቀበል ነበር። አዲሱ ውል ግን ያ አንቀጽ የለውም፤ ኤክሰሱም ከካሣው ከመቶ 10 ነው። ስለዚህ 4,000,000 ብሩ በመጠኑ ተቀንሶ 3,500,000 ይሆናል፤ ከዚያም ላይ 350,000 ተነሥቶ 3,150,000 ብር ይቀራል። ነጋዴው 3,500 ብር አተረፈ፣ 830,000 ብር አጣ። በሁለቱ ውሎች የፊት ገጽ ላይ የተጻፈው የመድን ገንዘብ አንድ ስለ ሆነ፣ የፊት ገጹን ብቻ የሚያይ ሰው ልዩነቱን ከቶ ሊያውቀው አይችልም፤ ልዩነቱ ያለው ከኋላ በተያያዙት አንቀጾች ውስጥ ነው።

ይህ ከባድ ቢሆንም፣ ከዚህ የሚከብድ አለ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ፣ አዲሱ የ2013 የንግድ ሕግ ከወጣም በኋላ ስለ መድን የሚናገረው ሦስተኛው መጽሐፉ እስካሁን የሚሠራበት ነው፤ እርሱም መድን ገቢው ስለ አደጋው የሚያውቀውን ሁሉ ለመድን ሰጪው እንዲገልጽ ያስገድዳል። አስቦ የደበቀ ሰው ውሉ ይፈርስበታል፤ ሳያስብ ያልገለጸም ቢሆን ጉድለቱ ከአደጋው በኋላ ሲገኝ፣ በከፈለው አረቦንና መክፈል በነበረበት አረቦን ልክ ካሣው ይቀነስበታል። ያ ነጋዴ ከሁለት ዓመት በፊት የመጋዘኑን አንድ ክፍል ለቀለምና ለቀለም ማቅጠኛ ሻጭ አከራይቶ፣ ይህንኑም ለቀድሞው ኩባንያ በጽሑፍ አስታውቆ ነበር እንበል። የቀድሞው ኩባንያ ዐውቆታል፤ አዲሱ ግን የሚያውቀው በማመልከቻው ቅጽ የተሞላለትን ብቻ ነው። በደላላው ቢሮ ያለ ጸሓፊ የአሮጌውን ውል የፊት ገጽ ተመልክቶ «የጨርቃ ጨርቅ መጋዘን» ብሎ ሞልቶ፣ ደንበኛውንም «የተለመደ ፎርማሊቲ ነው» ብሎ አስፈርሞት እንደ ሆነ፣ ለአሮጌው ኩባንያ የተጻፈው የመግለጫ ደብዳቤ በአዲሱ ፊት አንዳች ዋጋ የለውም። የፈረመው ደንበኛው ነው፤ ተጠያቂውም እርሱ ይሆናል። ምንም አይለወጥብዎትም የተባለው ሰው ሁሉን እንደ አዲስ የመግለጽ ግዴታ የወደቀበት በዚያው ቀን ነበር።

ስላለፈው ነገርም ደብዳቤው ዝም ይላል። በእሳትና በመኪና መድን ጥያቄው የሚቀርበው አደጋው በደረሰበት ቀን ውሉ ለነበረው ኩባንያ ስለ ሆነ፣ በቀድሞው ዘመን የደረሰ ጉዳት ሁሉ፣ ካሣው ገና ያልተከፈለ ቢሆንም፣ ከቀድሞው ኩባንያ ጋር ይቀራል፤ ደላላው ከዚያ ኩባንያ ጋር መሥራቱን ካቆመ በኋላ ይህን ጉዳይ ማን እንደሚከታተል ግን አይነገርም። ለመሐንዲስ፣ ለሐኪምና ለሒሳብ መርማሪ በሚሰጠው የሙያ ኃላፊነት መድን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በዚህ ዓይነቱ ውል ብዙውን ጊዜ የሚታየው ስሕተቱ የተሠራበት ቀን ሳይሆን የካሣ ጥያቄው የቀረበበት ቀን ነውና። በ2014 የሠራው ንድፍ ጕድለት በ2017 ተገልጦ የሚከሰስ መሐንዲስ መልስ የሚያገኘው በ2017 ካለው ውል ነው፤ አዲሱ ውል «ከዚህ ቀን በፊት ለተሠራ ሥራ አልጠየቅም» የሚል የመነሻ ቀን ከያዘና ያም ቀን ውሉ የተጀመረበት ቀን ከሆነ፣ አሮጌው ኩባንያ ዘመኔ አልፏል ይላል፣ አዲሱም ከዘመኔ በፊት ነው ይላል፤ መሐንዲሱ ለብዙ ዓመታት አረቦን ከፍሎ ሳለ ከሁለቱም ውጭ ይቀራል። አንዲት ቀን በትክክል ባለመጻፏ የሚመጣ ጥፋት ነው።

ደላሎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ ደንበኛው ረጅም ደብዳቤ አያነብም፣ ዝርዝሩም ያስደነግጠዋል የሚል ነው። ይህን መልስ አልቀበለውም። ደንበኛው የመድን አንቀጽ ማንበብ ስለማይችል ነው ደላላ የያዘው፤ አለማወቁ የአደራው ምክንያት እንጂ የዝምታው ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሁለቱን ውሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚለየውን በአንድ ገጽ መጻፍም ለባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ይህን ሳይሠራ የሚቀበለው ኮሚሲዮን በእኔ አስተያየት ያልተሠራበት ገንዘብ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለደረሰህ አንባቢ የምለምንህ ይህን ነው። ደብዳቤው የደላላውን ዝርዝር ነው እንጂ በእጅህ ያለውን ውል እንዳልለወጠው ዕወቅ፤ ዘመኑ ሳይፈጸም አፍርሰህ ውጣ ብትባል፣ በብዙ ውሎች የሚመለስልህ አረቦን ከቀረው ጊዜ ልክ የሚያንስ ስለ ሆነ አትቸኩል። ኩባንያው ለምን እንደ ወጣ በጽሑፍ ጠይቅ። የሁለቱን ውሎች ልዩነት፣ ይልቁንም የኤክሰሱንና ከዋጋ በታች ስለ መግባት የተጻፈውን አንቀጽ፣ በጽሑፍ ተቀበል። የማመልከቻውን ቅጽ ራስህ አንብበህ፣ ለቀድሞው ኩባንያ የገለጽኸውን ሁሉ ለአዲሱ ገልጸህ ፈርም፤ ቅጂውንም ያዝ። ንብረቱ ለባንክ ዋስትና ተይዞ እንደ ሆነ የባንኩ ስም በአዲሱ ውል መግባቱን አረጋግጥ። አዲሱ ውል የሚጀምርበት ቀንና ሰዓት አሮጌው ከሚያልቅበት ጋር መግጠሙን የሚያሳይ፣ የመድን ሰጪው ራሱ ማኅተም ያለበት ወረቀትና የአረቦን ደረሰኝ በእጅህ ሳይገባ፣ አሮጌው ውልህ እንዲያልቅ አትፍቀድ።